ለባለሱቆች የሚሰጥ የግማሽ ቀን የሰዓት አጠቃቀም ሥልጠና ምን ይዞ ይቅረብ?

ጥያቄ፦ የአነስተኛ ነጋዴዎች ማኅበር አባል ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለአባሎቻችን ስለ ሰዓት አጠቃቀም የግማሽ ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ተመድቤአለሁ። አብዛኞቹ ባለሱቆች ናቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ረዳት ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ብቻቸውን የሚሠሩ ናቸው። ባለፈው ዓመት በተሰጠው ተመሳሳይ ሥልጠና ላይ ተካፍዬ ነበር። አሠልጣኙ «የቀኑን ሥራ ጠዋት ጻፉ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጡ» እያለ አስተማረን፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያንን የሚያደርግ አንድም ሰው አላየሁም። እኔ ያንኑ መድገም አልፈልግም። በአራት ሰዓት ውስጥ ምን ላስተምር? ቅደም ተከተሉስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያለፈው ዓመት ሥልጠና ፍሬ ያላፈራው ተሳታፊዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። የሥራ ዝርዝር ጽፎ በቅደም ተከተል መሥራት ቀኑ በእጁ ለሆነ ሰው፣ ማለትም በሩን ዘግቶ መቀመጥ ለሚችል የቢሮ ሠራተኛ የተበጀ ዘዴ ነው። የባለሱቅ ቀን ግን በአብዛኛው በደንበኛው እጅ ነው። ደንበኛ ሲገባ የተጀመረው ሥራ ይቆማል፤ መቆምም አለበት፤ ሱቁ የተከፈተው ለእርሱ ነውና። ጠዋት የተጻፈው ዝርዝር ሦስተኛው ደንበኛ ሲገባ ይረሳል፣ ማታ ሲታይ ደግሞ ባለሱቁን ከማሳፈር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

በዚህ ምክንያት በሥልጠና መጻሕፍት የሚዘወተሩ ሁለት ነገሮችን እንዲተዉ እመክርዎታለሁ። የመጀመሪያው ሥራን «አስቸኳይ» እና «አስፈላጊ» እያሉ በአራት ሣጥን መክፈል ነው። ከመሸጫ ጠረጴዛ ጀርባ ለሚቆም ሰው ሁሉም ነገር አስቸኳይ ስለሆነ፣ ተሳታፊዎቹ ሥራቸውን በሙሉ አንደኛው ሣጥን ውስጥ ከትተው ይመልሱልዎታል። ሁለተኛው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለው ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያስተዋወቀው፣ 25 ደቂቃ ሳያቋርጡ ሠርቶ ጥቂት ማረፍ የሚለው ዘዴ ነው። ለተማሪና ለጸሐፊ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን 25 ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚገኘው ገበያ በጠፋበት ሰዓት ብቻ ነው።

እኔ ብሆን አራቱን ሰዓት በአንድ ልዩነት ላይ አቆመዋለሁ፤ እርሱም ቢቋረጥ ጉዳት በሌለው ሥራና ሲቋረጥ በሚበላሽ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዋጋ መለጠፍ፣ መደርደሪያ ማስተካከል፣ የተራረፈ ዕቃ መቁጠር በማንኛውም ደቂቃ ቆመው ካቆሙበት የሚቀጥሉ ሥራዎች ናቸው። የቀኑን ሒሳብ መዝጋት፣ ከአከፋፋይ ጋር በዋጋ መደራደር፣ የዱቤ መዝገብ ማመሳከር ግን በመካከላቸው ሰው ከገባ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራሉ፣ ወይም ከነስሕተታቸው ያልቃሉ። ባለሱቅ ሰዓቱን ሰዓት ቆጥሮ ሊያቅደው አይችልም። የትኛውን ሥራ በየትኛው የገበያ ሁኔታ እንደሚሠራና የትኛው መቋረጥ ከናካቴው ሊቀር እንደሚችል መወሰን ግን ይችላል። ሥልጠናው ይህን እንዲያስጨብጥ ነው የምፈልገው።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከዕለቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ በየቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት ገጽ ወረቀት ይስጡ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሱቁ ከሚከፈትበት እስከ ሚዘጋበት ድረስ ለየግማሽ ሰዓቱ አንድ መስመር ይኑር፤ 12 ሰዓት የሚከፈት ሱቅ 24 መስመር ይኖረዋል ማለት ነው። ባለሱቁ በየመስመሩ አንድ ፊደል ብቻ ይጽፋል፦ ሲሸጥ ከቆየ «ሸ»፣ ዕቃ ለመግዛት ወጥቶ ከነበረ «ግ»፣ የሱቁን የውስጥ ሥራ ሲሠራ ከነበረ «ው»፣ ገበያ ጠፍቶ ከተቀመጠ «ባ»፣ በስልክና በግል ጉዳይ ካለፈ «ስ»። ግማሽ ሰዓቱ የተደባለቀ ከሆነ የበዛው ይጻፋል። ከዚህ በተጨማሪ ረዳቱ ለጥያቄ በጠራው ወይም ከሱቁ በተደወለለት ቁጥር በመስመሩ ጫፍ አንድ ጭረት ያሰምራል፤ ከጭረቱ አጠገብም የጥያቄውን ዓይነት በአንድ ቃል ይጠቁማል። ከዚህ የበለጠ ከጠየቁ ወረቀቱ ባዶውን ይመጣል። ወረቀቱ በገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ቢለጠፍና እርሳስ በክር ቢታሰርለት ጥሩ ነው፤ እርሳስ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ጭረቱን አያሰምርም።

ሦስቱ ቀናት አንዱ ገበያ የሚደራበት፣ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱም መካከለኛ ቢሆኑ ይመረጣል። ማታ ቁጭ ብለው ከትዝታ እንዳይሞሉት ግን አጥብቀው ያስገንዝቡ። ሰው ማታ ሲያስታውስ የሸጠውን ያስታውሳል፤ ለሁለት ሁለት ደቂቃ የተጠራባቸውን ጊዜያት ግን ይረሳል፣ ሥልጠናው የሚፈልገው ደግሞ እነርሱን ነው። ከትዝታ የተሞላ ወረቀት በቀላሉ ይለያል፤ ፊደሎቹ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ የተጻፉ ናቸው፣ ጭረትም የላቸውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው አያሳፍሩት፤ ትክክለኛ ወረቀት ካላቸው ጋር ያስቀምጡትና ልዩነቱን ራሱ ይየው።

የተሳታፊዎቹን ቁጥር ከ16 ባያሳልፉ ደስ ይለኛል፤ አራት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አራት ሰው። ብቻቸውን የሚሠሩትን ለብቻቸው አንድ ጠረጴዛ ይስጧቸው፤ ችግራቸው ረዳት ካላቸው ሰዎች የተለየ ነው። ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩበት ሱቅ ከሆነ ሁለቱም ይምጡ፤ አንዱ ብቻ ከመጣ እዚህ የተወሰነው እዚያ ይፈርሳል። ቀኑንም ሲመርጡ ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ግማሽ ቀን ይምረጡ። አራቱ ሰዓት 240 ደቂቃ ነው፤ እንዲህ ቢከፋፈል ይበቃል ብዬ አስባለሁ፦ ለመክፈቻ 15 ደቂቃ፣ ወረቀቱን ለማንበብ 55፣ መቋረጥን ለመቀነስ 60፣ ለዕረፍት 20፣ ለግዢና ለሒሳብ ሥራ 55፣ ለውሳኔ 35።

በመክፈቻው ላይ ሰዎች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ሰዓቱ ማለቁ የተለመደ ስለሆነ፣ ስምና የሱቅ ዓይነት ብቻ ይነገር። ከዚያ አንድ ያልተለመደ ነገር ያድርጉ፤ ስልክ አያዘጉ። ስልካቸውን ድምፁን ቀንሰው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፣ ከሱቁ በተደወለ ቁጥር ወጥተው ያናግሩ፣ ሲመለሱም በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ከስማቸው አንጻር አንድ ጭረት ያስምሩ፣ ምን እንደተጠየቁም በአንድ ቃል ይጻፉ። ስልክ ቢያዘጉ ልባቸው ሱቁ ውስጥ ስለሚቀር የሚሰሙት ነገር አይኖርም። ከዚህም በላይ፣ ከዕረፍት በፊት የሚሰበሰቡት ጭረቶች ከማንኛውም ንግግርዎ የበለጠ ያስተምራሉ። ከስሙ አጠገብ አንድም ጭረት የሌለበት ሰውም ይኖራል፤ ረዳቱ ለምን እንዳልደወለ እንዲናገር ዕድል ይስጡት።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሦስቱን ቀን ፊደሎችና ጭረቶች ቆጥሮ ድምሩን ያወጣል። ጀማሪ አሠልጣኝ እዚህ ላይ ማስረዳት ያበዛል፤ እርስዎ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ አይናገሩ። አንድ ወረቀት በምሳሌነት ሠርተው በግድግዳ ላይ ያሳዩ፣ ከዚያ ዝም ብለው በየጠረጴዛው ይዙሩ። ለምሳሌነት የሚሆን አንድ ወረቀት እኔ እዚህ ላዘጋጅልዎ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት የሚከፈት፣ አንድ ረዳት ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር እንበል። በሦስት ቀን 72 መስመር አለ። የባለቤቷ ቆጠራ እንዲህ ወጣ፦ ሽያጭ 30፣ ግዢ 12፣ የውስጥ ሥራ 14፣ ባዶ 9፣ ስልክና የግል ጉዳይ 7። ጭረቶቹ ደግሞ 41 ናቸው።

ይህን ቆጠራ ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በባዶው 9 ላይ ነው፤ አራት ሰዓት ተኩል ያለ ሥራ ተቀምጣለች ብሎ ይፈርዳል። ይህን ፍርድ ቶሎ ያስቁሙት። ገበያ ሳይኖር ሱቅ ከፍቶ መጠበቅ የንግዱ አካል ነው፣ ባዶ መስመር የሌለበት ወረቀትም ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ተሰልፎ የሚጠብቅበትና ሳይገዛ የሚመለስበት ሱቅ ወረቀት ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ባዶዎቹ መስመሮች በሦስቱም ቀን በአንድ ሰዓት አካባቢ ይገኛሉ ወይስ የተበታተኑ ናቸው? በአንድ ሰዓት አካባቢ ከተገኙ ሥራ ሊመደብላቸው ይችላል። ተበታትነው ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት ሊሠራ የሚችለው ቢቋረጥ የማይጎዳው ሥራ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ከ9ኙ 6ቱ ከምሳ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ተገኝተዋል እንበል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሥልጠናው ልብ ስለሆነ 60 ደቂቃውን አይቀንሱበት። የሚሠራው በጭረቶቹ ላይ ነው። የመደብሯ ባለቤት 41 ጭረቶች በዓይነት ሲለዩ 17ቱ «ይህ ስንት ነው?»፣ 11ዱ «ቅናሽ ልስጥ?»፣ 6ቱ «በዱቤ ልስጥ?»፣ 7ቱ «የት ነው ያለው?» የሚሉ ሆኑ። በቀን ወደ 14 ጊዜ ያህል ትጠራለች ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን 14ቱ ጥሪዎች ሒሳብ ስትሠራ ቢያገኟት ሒሳቡን ከ14 ቦታ ይቆርጡታል። ተሳታፊዎቹ የየራሳቸውን ጭረት በዚህ ዓይነት እንዲለዩ 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡላቸው፦ ረዳቱ ይህን እኔን ሳይጠይቅ እንዲመልስ ምን ማወቅ ወይም ምን መፈቀድ ያስፈልገዋል?

የዋጋው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ ስላለ ነው የሚጠየቀው። መለጠፉ ደግሞ ቢቋረጥ የማይጎዳ ሥራ ስለሆነ ለባዶዎቹ መስመሮች ይሰጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመለጠፍ የሚነሣ ሰው በመካከል ይተወዋል፤ ረዳቱ ዋጋቸውን በተደጋጋሚ ከሚጠይቅባቸው ዕቃዎች ይጀምር። «የት ነው ያለው» የሚለውም በመደርደሪያ ላይ በሚጻፍ ምልክት ይቀንሳል።

ክርክር የሚያስነሣው ቅናሽና ዱቤ ነው፤ ብዙ ባለሱቆች ይህን ሥልጣን ከእጃቸው ማውጣት አይወዱም። አይወቅሷቸው፤ ስጋታቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፣ በሒሳብም ሊታይ ይችላል። በ100 ከሚሸጥ ዕቃ ላይ ትርፉ 20 ከሆነ፣ 5 በመቶ ቅናሽ የትርፉን ሩብ ይበላል። ትርፉ 10 ብቻ በሆነ ዕቃ ላይ ግን ያው 5 በመቶ የትርፉን ግማሽ ይወስዳል። ስለዚህ «ረዳቱ እስከ 5 በመቶ ይቀንስ» የሚል አንድ ደንብ ለሱቁ ሁሉ ማውጣት ስሕተት ነው። የሚሻለው ዕቃዎቹን በሦስት መክፈል ነው፦ ምንም የማይቀነስላቸው፣ ረዳቱ በራሱ እስከተወሰነ መጠን የሚቀንስላቸው፣ ባለቤቱ ብቻ የሚወስንባቸው። በዋጋ መለጠፊያው ጥግ በትንሽ ነጥብ ቀለም መለየት ይቻላል፤ ደንበኛው ሊያውቀው አይገባም፣ ረዳቱ ግን በአንድ እይታ ያውቀዋል። ብዙ ቁጥር ለሚገዛ ደንበኛ የሚሰጠው ቅናሽም አብሮ ይወሰን፤ በየቀኑ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ እርሱ ነው።

ለዱቤ ደግሞ ከስም ዝርዝር የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። ዱቤ የሚሰጣቸው ሰዎች ስምና የእያንዳንዳቸው ጣሪያ በመሳቢያው ውስጥ በአንድ ወረቀት ላይ ይቀመጥ፤ በዝርዝሩ የሌለ ሰው ዱቤ ቢጠይቅ የረዳቱ መልስ «ባለቤቱ ሲመጡ ይጠይቋቸው» የሚል ብቻ ነው። ስልክ አይደወልም። ባለሱቁ ይህን ሲሰማ «ደንበኛዬን አጣለሁ» ይል ይሆናል። ከ6ቱ የዱቤ ጥያቄዎች ስንቶቹ በዝርዝሩ ሊገቡ ከሚችሉ የታወቁ ሰዎች እንደመጡ አስታውሶ እንዲመልስ ያድርጉት፤ አብዛኞቹ የታወቁ ሰዎች ከሆኑ ስጋቱ በዝርዝሩ ይፈታል፣ ካልሆኑም ዱቤው ራሱ እንደገና መታየት ያለበት ነው።

በክፍለ ጊዜው መጨረሻ እያንዳንዱ ተሳታፊ ለረዳቱ የሚሰጥ አንድ ካርድ ጽፎ ይነሣ። ካርዱ ከአምስት መስመር መብለጥ የለበትም። «በአግባቡ አስተናግድ»፣ «እንደ ሁኔታው ቅናሽ ስጥ» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ከተጻፉ ካርዱ አልሠራም ማለት ነው፤ ረዳቱ «ሁኔታው ምንድን ነው?» ብሎ መልሶ ይደውላል። ጥሩ ካርድ መሆኑ የሚታወቀው የጎረቤት ተሳታፊ ምንም ሳይጠይቅ አንብቦ አንድ የታሰበ ደንበኛን ማስተናገድ ሲችል ነው። ይህን በየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ሆነው ይሞክሩት፤ አንዱ ደንበኛ፣ ሌላው ረዳት ሆኖ። ብቻቸውን የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ሰዓት ካርድ ሳይሆን በስልክ ለሚመጡ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች በመደብሩ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ይጻፉ፤ ሱቁ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ ያለቀ ዕቃ የሚገባበት ቀን፣ የመሳሰለውን።

ዕረፍት ላይ በግድግዳው ወረቀት ዙሪያ እንደሚሰበሰቡ አልጠራጠርም። ተመልሰው ሲቀመጡ የጠዋቱን የስልክ ጭረቶች አንድ በአንድ ያንብቡና «ይህን ካርዱ ይመልሰው ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ግዢና ስለ ሒሳብ ነው። የመደብሯ ባለቤት በሦስት ቀን 12 መስመር፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ግዢ ላይ አሳልፋለች። በየቀኑ አንድ ጊዜ ወጥታለች፣ አንዱ ጉዞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት ስድስት ጉዞ፣ 12 ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ የምትወጣው ዕቃ ማለቁን የምታውቀው ደንበኛ ጠይቆ ሲታጣ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የግዢ ሰዓቷን ማሳጠር የምትችለው ዕቃው ሳያልቅ የሚያሳውቃት ምልክት ካገኘች ብቻ ነው፤ በጉዞው ላይ ቶሎ ቶሎ መሮጥ አያሳጥረውም።

ምልክቱ እንዲህ ይገኛል። በሳምንት ሁለት የግዢ ቀን ትወስን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅሙ ርቀት አራት ቀን ነው እንበል። እሽግ ወረቀት በቀን 4 ይሸጥላታል። ስለዚህ በግዢ ቀን ጠዋት እስከሚቀጥለው የግዢ ቀን የሚያደርሳት 16 እሽግ መኖር አለበት። ገበያ ድንገት ቢደራ ደግሞ የአንድ ቀን ሽያጭ፣ 4 እሽግ ይጨመር፤ 20 ሆነ። በግዢ ቀን 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ትገዛለች፣ ከ20 በላይ ከሆነ አትገዛም። በመደርደሪያው ላይ በ20ኛውና በ21ኛው እሽግ መካከል ባለ ቀለም ካርቶን ትክተት፤ ካርቶኑ ከፊት ሲወጣ ረዳቱ አንሥቶ በመሳቢያው ውስጥ ያኖረዋል። የግዢ ቀን ሲደርስ መሳቢያውን ከፍታ ካርቶኖቹን ስትሰበስብ የግዢ ዝርዝሯ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ መቁጠር የለም። ዕቃው ከአከፋፋይ በትእዛዝ የሚመጣና ለመድረስ ሁለት ቀን የሚፈጅ ከሆነ እነዚያ ሁለት ቀናትም ይደመራሉ፤ 4 በቀን ሲባዛ በስድስት ቀን 24፣ ከመጠባበቂያው ጋር 28 ይሆናል። ተሳታፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የመድረሻውን ቀን ብቻ ወይም በግዢ ቀናት መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ይይዛሉ። የተሳሳተ መሆኑ በሁለተኛው ሳምንት ይታወቃል፣ ዕቃው ከግዢ ቀን በፊት ያልቃል።

ይህ ስንት ሰዓት ይቆጥባል? ስድስቱ ጉዞዎች ሁለት ቢሆኑ ስምንት ሰዓት ይተርፋል ብሎ መናገር ያጓጓል፤ እውነቱ ግን ብዙ ዕቃ የሚገዛበት ጉዞ ይረዝማል። አንዱ ጉዞ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ በሳምንት ስድስት ሰዓት ይሆናል፣ የሚተርፈውም ስድስት ነው። ዋጋም አለው፤ ለአራት ቀን የሚሆን ዕቃ አንዴ መግዛት በአንድ ጊዜ የበለጠ ገንዘብ ይይዛል። ስለዚህ ይህ አሠራር የሚጠቅመው በፍጥነት ለሚወጡና ለማይበላሹ ዕቃዎች ነው። በወር አንድ ሁለት ብቻ የሚሸጥ ውድ ዕቃ፣ ወይም ቶሎ የሚበላሽ ነገር በዚህ አይመራም። ገንዘብ በእጁ የሌለው ተሳታፊ ከሦስት ዕቃ ብቻ ቢጀምር በቂ ነው።

ሒሳብን በተመለከተ አጭር ልበል። በምሳሌያችን ከ14ቱ የውስጥ ሥራ መስመሮች 4ቱ፣ ማለትም በሦስት ቀን ሁለት ሰዓት፣ ሒሳብ ናቸው፤ በቀን 40 ደቂቃ ይሆናል። ባለቤቷን «ሒሳብ መዝጋት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?» ብለው ቢጠይቋት 15 ትል ይሆናል። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ብዙውን ጊዜ እንደሚያሳጥር ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ጽፈውበታል፤ መድኃኒቱም ያለፈውን መዝግቦ በዚያ ማቀድ ነው። ስለዚህ በዕቅዱ የሚገባው ወረቀቱ ያሳየው 40 እንጂ እርሷ የገመተችው 15 አይደለም። ሒሳብ ሲቋረጥ የሚበላሽ ሥራ በመሆኑ ከመዝጊያ በኋላ ድካም ላይ ከሚሠራ ይልቅ፣ ከምሳ በኋላ ባገኘነው ቀዝቃዛ ሰዓት ረዳቷ ካርዱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ሲቆም እርሷ ከኋላ ተቀምጣ ብትሠራው ይሻላል። የማታው ገንዘብ ቆጠራ ግን ማታ ይቀራል፤ እርሱ አሥር ደቂቃ ነው። ብቻቸውን ለሚሠሩት ያለው አማራጭ ከመክፈቻ በፊት ያለው ሰዓት፣ ወይም በወረቀታቸው ላይ በሦስቱም ቀን ባዶ የሆነ ግማሽ ሰዓት ካለ «በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» የሚል ጽፎ መዝጋት ነው። መዝጋት የሚያስፈራቸው ብዙ ናቸው፤ ወረቀቱ ባዶ ካላሳየ ፍርሃታቸው ትክክል ስለሆነ አይገፋፏቸው።

በየክፍለ ጊዜው ውይይቱ ወደ ግብር፣ ወደ ኪራይ፣ ወደ አከፋፋዮች በደል እንደሚሄድ ከወዲሁ ይጠብቁ። እውነተኛ ችግሮች ናቸው፣ ግን በአራት ሰዓት አይፈቱም። ሌላ ወረቀት ለጥፈው «ለማኅበሩ ስብሰባ» የሚል ርእስ ይስጡትና የተነሣውን ሁሉ ይጻፉበት፤ ሰው ሐሳቡ እንደተያዘለት ሲያይ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የመጨረሻው 35 ደቂቃ ለውሳኔ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ለውጥ ብቻ ይምረጥ፤ ካርዱን፣ ወይም የግዢ ቀኑን፣ ወይም የሒሳቡን ሰዓት። ሦስቱንም አደርጋለሁ የሚለውን ሰው ያስቁሙት፤ ረዳቱ በአንድ ሳምንት ሦስት አዲስ ደንብ አይለምድም፣ አንዱ ሲፈርስም ሌሎቹን ይዞ ይፈርሳል። ጭረቱ ከብዙ ተሳታፊዎች የበለጠ ለሆነ ሰው ካርዱ፣ የግዢ መስመሩ ለበዛበት የግዢ ቀኑ ይቀድማል። የመረጠውን፣ የሚጀምርበትን ቀንና ለረዳቱ የሚነግርበትን ሰዓት ጽፎ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው ያንብብለት፤ የሁለቱም ስልክ ይለዋወጥ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ቀን ወረቀት ይላኩ፤ ቀኑ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገበያው መካከለኛ ከነበረው ጋር የሚመሳሰል ይሁን። ስልክ ደውለው ሁለት ቁጥር ብቻ ይጠይቁ፤ የጭረቱንና የግዢ መስመሩን። በምሳሌያችን በቀን 14 የነበረው ጭረት ወደ 5 ወይም 6 ካልወረደ ካርዱ ግልጽ አይደለም፣ ወይም ባለቤቷ ረዳቱ በካርዱ መሠረት የወሰነውን አንድ ጊዜ በደንበኛ ፊት ሽራበታለች። ይህ ሁለተኛው ከተከሰተ ረዳቱ እንደገና ሁሉን መጠየቅ ይጀምራል፤ ካርዱን ከማረም በፊት ባለቤቷ ውሳኔውን መሻሯን እንድታቆም መንገር ያስፈልጋል።